«አንድ ጎድሏል? አምጪው ልጨምርልሽ»፦ በመንገድ ላይ የዶላር ምንዛሪ ማጭበርበርን እንዴት እንለየው?

አንዲት ጎረቤቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ አምስት ባለ 100 ዶላር ይዛ መጣች። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ በቆመ መኪና ውስጥ መነዘረችው። ቤት ገብታ ስትቆጥር 4,400 ብር ጎደላት። ማታ ላይ ቤቴ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እዚያው ቆጥሬዋለሁ እኮ! በገዛ እጄ ነው የቆጠርኩት» እያለች አለቀሰች።

እውነቷን ነው፣ ቆጥራለች። የተዘረፈችው ከቆጠረች በኋላ ነው።

እኔ ለዓመታት በባንክ መስኮት ብር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእሷ በፊትም ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው መስኮቴ ላይ የቆሙ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ የእሷን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ልከተልና የት የት ላይ መንቃት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በአገራችን ዶላር መመንዘር የሚፈቀደው በባንክና ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ባገኙ የምንዛሪ ቢሮዎች ብቻ ነው። የመንገዱ ምንዛሪ ሕገ ወጥ ነው። አጭበርባሪው የሚተማመነውም በዚሁ ነው። የተዘረፈው ሰው «ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔም እጠየቃለሁ» ብሎ ዝም እንደሚል ያውቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ ባንኮች የምንዛሪ ዋጋቸውን ራሳቸው ስለሚወስኑ፣ የባንኩ ዋጋ ድሮ ከምታውቁት የተለየ ነው። ብዙ ሰው ግን ድሮ በባንክና በመንገድ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት በአእምሮው ስለቀረ ባንኩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ መንገድ ይወጣል። ጎረቤቴም አልጠየቀችም።

አንደኛ፦ ዋጋውን ከቤት ሳትወጡ መርምሩ

የእሷ ነገር የጀመረው በቴሌግራም ነው። የቀኑን ትክክለኛ ዋጋ ልተወውና ለስሌት እንዲመቸን ክብ ቁጥር እንጠቀም። ባንኩ አንዱን ዶላር በ145 ብር ይገዛል እንበል። የሰፈሩ መንዛሪ 150 ይላል። ቻናሉ ላይ ግን «ዛሬ 170! ቤት ድረስ እንመጣለን» የሚል ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። መንዛሪ የሚኖረው በገዛበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ባለው ጥቂት ብር ነው። ሌላው ሁሉ በ150 የሚገዛውን በ170 የሚገዛ ሰው መልሶ ለማን ሊሸጠው ነው? እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊያደርግ የሚችለው። ወይ ያለውን አይከፍልም፣ ወይ የሚከፍለው ብር ብር አይደለም።

ባንኮች ዋጋቸውን በየቀኑ በድረ ገጻቸውና በቅርንጫፎቻቸው ይለጥፋሉ። ሁለት ዓምድ ታያላችሁ፦ መግዣ እና መሸጫ። ዶላር ይዛችሁ የምትሄዱት እናንተ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ መግዣው ነው፤ ባንኩ ከእናንተ የሚገዛበት ማለት ነው። አጭበርባሪዎች ብዙ ጊዜ የባንኩን መሸጫ ከራሳቸው መግዣ ጎን ያስቀምጡና ሰውን ያደናግራሉ።

የ170ው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ማጥመጃ ብቻ ነው። ጎረቤቴ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ፣ «እህቴ፣ እሱ እኮ ከ5,000 ዶላር በላይ ለሚያመጣ ነው፤ ላንቺ 150» አሏት። መንገድ መጥታለች፣ የትራንስፖርት ከፍላለች፣ ዶላሩን አሳይታለች። መመለስ አሳፈራት። ዋጋው በቦታው ላይ ከተቀየረ ያኔውኑ ውረዱ። ዋጋው ላይ የዋሸ ሰው ቆጠራው ላይ እውነት አይናገርም።

ሌላው የቴሌግራም ዓይነት ደግሞ «ብሩን በአካውንትሽ አስገባለሁ» የሚለው ነው። ዶላሩን ከመስጠታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መልእክት ይገባል፤ «ሂሳብዎ ላይ 75,000 ብር ገቢ ሆኗል» ይላል። ወይም የእሱን ስልክ አውጥቶ የማስተላለፊያ ደረሰኝ ያሳያችኋል። ሁለቱም ማስረጃ አይደሉም። የስልክ መልእክት በማንም ተጽፎ ሊላክ ይችላል፣ ስክሪንሾትም ቁጥሩ ተቀይሮ ይሠራል። ማስረጃው አንድ ብቻ ነው፦ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ መተግበሪያ ወይም በአጭር ቁጥሩ ገብታችሁ የምታዩት ቀሪ ሂሳብ። ለንግድ ባንክ ‎`*889#`፣ ለቴሌብር ‎`*127#` ነው። እሱ በላከላችሁ ሊንክ በፍጹም አትግቡ። «ኔትወርክ ስላስቸገረ ነው፣ ቆይቶ ይገባል» ካለ ዶላሩም ቆይቶ ይሰጠዋል።

ብሩ በእርግጥ ቢገባም የላኪውን ስም ተመልከቱ። ፊታችሁ ያለው ሰው ሌላ፣ ላኪው ሌላ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ አጭበርባሪ ሌላ ቦታ ያታለለውን ሰው በቀጥታ ወደ እናንተ አካውንት እንዲልክ ያደርገዋል። ዶላሩን ይዞ እሱ ይሄዳል፤ የተታለለው ሰው ሲያመለክት የሚታገደው አካውንት የእናንተ ነው።

ሁለተኛ፦ የዶላራችሁን ቁጥር መዝግቡ

ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ዶላር ፊቱ ላይ ሁለት ቦታ የተጻፈ መለያ ቁጥር አለው። ባለ 100ው ላይ ሁለት ፊደል፣ ስምንት አሃዝ፣ በመጨረሻም አንድ ፊደል ነው። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ ይሁን።

ለምን? ምክንያቱም አንዱ የታወቀ ማጭበርበር መለወጥ ነው። መንዛሪው ዶላራችሁን «ልፈትሸው» ብሎ ይቀበላል። ወደ መብራት ያዞረዋል፣ ጭኑ ላይ ያሳርፈዋል፣ ለጓደኛው ያቀብላል። ከዚያ «ይሄኛው ፎርጅድ ነው እኮ እህቴ፣ ማን ሰጠሽ?» ብሎ አንዱን ይመልሳል። የመለሰው በእርግጥም ፎርጅድ ነው። ግን የእናንተ አይደለም። የራሱን ቀይሮ ነው የሰጣችሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ዶላሩን የሰጠችውን አሠሪ ወይም የላከውን ዘመድ መጠራጠር ይጀምራል። ፎቶው ካላችሁ ቁጥሩን ወዲያው ታመሳክራላችሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው መልኩ የከፋ ነው። በዋጋ አልተስማማንም ተብሎ ዶላራችሁ ተጠቅልሎ ይመለስላችኋል። ከላይ ያለው የራሳችሁ ባለ 100 ነው። ከውስጥ ያሉት ባለ 1 ናቸው። የአሜሪካ ዶላር ባለ 1ም ሆነ ባለ 100 መጠኑ አንድ ነው፤ ተጠቅልሎ ጠርዙ ብቻ ሲታይ አይለይም። ስለዚህ የተመለሰላችሁን ዶላር ሳትዘረጉ ወደ ቦርሳ አታስገቡ።

ሌላም አለ። «ይሄ የድሮው ነው፣ ተሰርዟል፤ በግማሽ ዋጋ ልውሰደው» ይላሉ። ውሸት ነው። አሜሪካ አዲስ ዲዛይን ስታወጣ አሮጌውን አትሰርዝም። ሰማያዊ መስመር የሌለው ባለ 100 ዶላርም ሕጋዊ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፦ ብሩን ስትቀበሉ የመጨረሻው ቆጣሪ እናንተ ሁኑ

ጎረቤቴ የተዘረፈችው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልሂድበት።

500 ዶላር በ150 ሲባዛ 75,000 ብር ነው። በባለ 200 ኖት 375 ይሆናል። ሦስት የታሰረ መቶ መቶ ኖት ሰጧት፤ እያንዳንዱ እስር 20,000 ብር ነው። የቀረው 15,000 ብር በልቅ 75 ኖት ተቆጥሮ ተሰጣት።

ልቁን ቆጠረችው። 74 ሆነ። አንድ ኖት ጎድሏል። «አንድ ይቀራል» አለች። ሰውየው አልተከራከረም። «ይቅርታ እህቴ፣ አምጪው እስቲ» ብሎ ሁሉንም መልሶ ተቀበላት። ፊቷ ላይ በፍጥነት ቆጠረ፣ «አዎ ልክ ነሽ» አለ፣ ከኪሱ አንድ ባለ 200 አውጥቶ ከላይ ደረበላት፣ ለሁለት አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠ። በዚያው ቅጽበት ጓደኛው ከፊት ወንበር፣ «ፖሊስ እየመጣ ነው፣ ቶሎ በሉ!» አለ። ወረደች። መኪናው ሄደ።

ያ የጎደለው አንድ ኖት በስህተት የጎደለ አልነበረም። ብሩ ወደ እጁ እንዲመለስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እየቆጠረ ሳለ በግራ እጁ ጣቶች ከሥር 22 ኖት ወደ መዳፉ አጠፈ። ከላይ አንድ ጨመረ፣ ከታች 22 ወሰደ። እሷ እጅ ላይ የቀረው 53 ኖት ነው። ልዩነቱ 4,400 ብር።

ለምን አላየችም? ዓይኗ የሚጨመረው ኖት ላይ ስለነበረ ነው። ደግሞም ራሷ ቆጥራ ስህተቱን ያገኘችው እሷ ናት። በራሷ ቆጠራ ተማምናለች፤ መልሳ የምትቆጥርበት ምክንያት አልታያትም። ብሩ ለሁለት ስለታጠፈም ውፍረቱ ሙሉ መሰላት። የፖሊሱ ጩኸት ደግሞ ቀሪዋን ደቂቃ ወሰደባት።

መከላከያው እንዲህ ነው። ብሩ አንዴ እጃችሁ ከገባ በኋላ መልሳችሁ አትስጡ። ከጎደለ፣ «የጎደለውን ብቻ ስጠኝ» በሉ፤ እጃችሁን ዘርጉ፣ የያዛችሁትን ግን አትልቀቁ። «ሁሉንም ልቁጠረው» ካለ እምቢ በሉ። በሆነ ምክንያት ከእጃችሁ ከወጣ፣ ለአንድ ሰኮንድም ቢሆን፣ የቀድሞው ቆጠራችሁ ዋጋ የለውም። ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ዶላራችሁም በእጃችሁ መሆን ያለበት ይህ ቆጠራ እስኪያልቅ ነው። ጎረቤቴ ዶላሩን አስቀድማ ሰጥታ ስለነበር «አልቀበልም» ማለት አልቻለችም።

አቆጣጠሩም ወሳኝ ነው። በመንገድ የሚቆጥሩት ብሩን በአንድ እጅ ይዘው ጫፍ ጫፉን በአውራ ጣት በመግለጥ ነው። እንዲህ ሲቆጠር አንዱ ኖት ለሁለት ታጥፎ ከገባ ሁለቱም ጫፍ ስለሚታይ እንደ ሁለት ይቆጠራል። አሥር ኖት እንዲህ ከታጠፈ 2,000 ብር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኖት ሙሉ በሙሉ እየዘረጋችሁ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንድ በአንድ አስቀምጡ። አሥር ሲሞላ ለብቻው፣ ቀጣዩን አሥር በላዩ አግድም። በባንክ ማሽን ሲበላሽብን እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የታሰረውን ብርስ? ጎረቤቴ «ባንክ ያሰረው ነው፣ ወረቀቱ አለ» ተብላ አልፈታችውም። የወረቀት ማሰሪያ ማንም ሊያስር ይችላል። ሁለት ነገር ይደበቅበታል። አንደኛው ከመሃል ኖት ማጉደል ነው። ሁለተኛው ከላይና ከታች ባለ 200፣ መሃሉን ግን አነስተኛ ብር ወይም ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ብር ማድረግ ነው። የአሁኖቹ ኖቶች የወጡት በመስከረም 2013 ነው፤ ባለ 200ውም የተጨመረው ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ የተቀየሩት የድሮ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶች ዛሬ ምንም አይገዙም። እስሩን ሳትፈቱ እንኳ እንደ መጽሐፍ አጥፋችሁ አራቱንም ጠርዝ ብትገልጡ የቀለሙ ልዩነት ይታያል፤ ባለ 200ው ሐምራዊ ነው። ጉድለቱ ግን ተፈትቶ ካልተቆጠረ አይታወቅም። እንደ እድል ሆኖ የእሷ ሦስት እስር ሙሉ ነበር፤ አብረን ቆጠርነው።

እነዚህን ሁሉ በመኪና ውስጥ፣ በጨለማ፣ በታክሲ ተራ ግርግር ማድረግ አይቻልም። ቦታውን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ከከተማው ወጣ ያሉት ሰፈሮች የሚመቿቸው አዲስ ኮንዶሚኒየም ስለሚበዛ ነው፤ ሰው ከሰው አይተዋወቅም፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው በሁለት ደቂቃ ወደ ፈጣን መንገዱ ይገባል። «ፖሊስ መጣ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ልክ ብሩ እጃችሁ ላይ በተቀመጠበት ቅጽበት ነው።

ከብሩ መካከል ፎርጅድ መኖሩን ለማየት አንድ እውነተኛ ኖት ከጎኑ አድርጉ፤ ከኤቲኤም ያወጣችሁት ይበቃል። ወደ ብርሃን ስታነሱት በውስጡ የሚታየው ጥላ ሥዕልና የደህንነት ክር በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ጥላው በወረቀቱ ውስጥ ነው እንጂ ላዩ ላይ የታተመ ግራጫ ቀለም አይደለም። የብዙ ኖቶች መለያ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፎርጅድ ነው።

አራተኛ፦ ዶላር የሚሰጣችሁ ሰው ካለ

አንዳንዱ ለልጁ ጉዞ ወይም ለሕክምና ብሎ ዶላር ይቀበላል። ለዕቃ ክፍያ በዶላር የሚሰጠውም አለ። በእጃችሁ የገባው ሰማያዊ መስመር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ባለ 100 ከሆነ ሦስት ነገር ይበቃችኋል፤ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሰማያዊውን መስመር እዩ። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን በውስጡ የተሸመነ ነው። ውስጡ ትንንሽ ደወሎችና 100 ቁጥሮች አሉ። ኖቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታዘነብሉት ወደ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳሉ። ወደ ግራና ቀኝ ስታዘነብሉት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። ፎርጅዱ ላይ መስመሩ የታተመ ሰማያዊ ቀለም ስለሆነ ምንም አይንቀሳቀስም።

ቀጥሎ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን 100 ቁጥር አዘንብላችሁ እዩ፤ ከመዳብ ቀለም ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ከመስመሩ አጠገብ ባለው የቀለም ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደወልም እንዲሁ ይቀየራል።

በመጨረሻ ወደ ብርሃን አንሱት። በቀኝ በኩል ባዶ በሚመስለው ቦታ የፍራንክሊን ጥላ ምስል መታየት አለበት። ይህን የማትተዉት ለአንድ ምክንያት ነው። ባለ 5 ዶላርን ቀለሙን አጥበው፣ በዚያው በእውነተኛው ወረቀት ላይ ባለ 100 የሚያትሙ አሉ። ሲዳሰስ እውነተኛ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው የመፈተሻ እስክሪብቶም «ደህና ነው» ይላል፤ እስክሪብቶው የሚለየው ወረቀቱ ውስጥ ስታርች መኖር አለመኖሩን ብቻ ነውና። ወደ ብርሃን ሲነሳ ግን የሚታየው ጥላ የሊንከን ፊት ወይም ትልቅ 5 ቁጥር ይሆናል። ያኔ አለቀ።

አምስተኛ፦ ከተጭበረበራችሁ

ፎርጅድ ኖት እጃችሁ ከገባ ለባለ ሱቁ ወይም ለታክሲው ለማሳለፍ አትሞክሩ። ፎርጅድ መሆኑን እያወቁ ማስተላለፍ በራሱ ወንጀል ነው፤ ያኔ ተጎጂ መሆናችሁ ይቀርና ተጠርጣሪ ትሆናላችሁ። ደግሞ ያ ባለ ሱቅ ምን አደረጋችሁ? ኖቱን ለብቻው ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ብዙ ሳትነካኩት ወደ ባንክ ውሰዱ። ምትክ አይሰጧችሁም። ኖቱ ግን ከገበያ ይወጣል።

በቴሌግራም ከሆነ የተገናኛችሁት ቻናሉንና የተጻጻፋችሁትን በሙሉ ወዲያውኑ ስክሪንሾት አንሱ፤ በ`@` የሚጀምረው መለያና የስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጉ። የሰውየው ስምና ፎቶ በማግስቱ ይቀየራል፣ የጻፈውንም ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። የጎረቤቴ እንደዚያ ነው የሆነው፤ ማታ ስንከፍተው ንግግሩ ሁሉ ባዶ ነበር። የታርጋ ቁጥር፣ ሰዓትና ቦታ በወረቀት ላይ ጻፉ። ገንዘብ የተላለፈው በአካውንት ከሆነ በዚያው ሰዓት ለባንካችሁ ደውሉ፤ ብሩ ከተቀባዩ ሂሳብ ካልወጣ የማስቆም ተስፋው ያለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ጎረቤቴ በመጨረሻ በተቀበለችው የ150 ዋጋ ከባንኩ በላይ የምታገኘው በዶላር 5 ብር ነበር። በ500 ዶላር 2,500 ብር ማለት ነው። ያጣችው 4,400 ነው። ባንኩ ከሄደችበት አደባባይ በእግር የሚደረስ ነበር።